የስም ርዝመትና የስም አጣጣል ልማድ በፕሮግራም ጽሕፈት ታሪክ

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስለ ደመወዝ ስሌት ሲጽፉ፣ ተለዋዋጩ `netSalary` ይባል ወይስ `net_salary` በሚለው ላይ መከራከራቸው የተለመደ ነው። የመጀመሪያው አጻጻፍ ካሜል ኬዝ፣ ሁለተኛው ስኔክ ኬዝ ይባላል፤ አንዱ በመካከል ብድግ የሚሉ ትልልቅ ፊደላት ስላሉት በግመል ሻኛ፣ ሌላው በምድር ላይ ስለሚሳብ በእባብ ተመስሎ ነው። ክርክሩ የየሰው ምርጫ ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ልማዶቹ በአብዛኛው የተወለዱት ከመሣሪያው ጥበት እንጂ ከጸሐፊው ዝንባሌ አለመሆኑ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1957 አይ.ቢ.ኤም. ለ704 ኮምፒዩተሩ ያወጣው ፎርትራን፣ የተለዋዋጭ ስም ከ6 ፊደልና አኀዝ እንዳይበልጥ ይደነግግ ነበር። የመሣሪያው አንድ የማስታወሻ ቃል 36 ቢት ሲሆን አንድ ፊደል 6 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ ባለ 6 ፊደል ስም በአንድ ቃል ልክ ይገባል። በዚህ ላይ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል የቁጥሩን ዓይነት ይናገር ነበር፤ ከ`I` እስከ `N` ባሉት ፊደላት የሚጀምር ስም ሙሉ ቁጥርን፣ የቀረው ባለ ነጥብ ቁጥርን ያመለክታል። በዚያ ዘመን በተጻፉ ፕሮግራሞች `COUNT` በሚጠበቅበት ቦታ `KOUNT` የሚል ስም የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው የፊደል ስሕተት አልሠራም፤ ቆጠራው ሙሉ ቁጥር እንዲሆን ፈልጎ ነው።

የ6 ፊደል ገደብ ከ704 ጋር አብሮ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው የሲ ቋንቋ መጽሐፍ፣ ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ የሚሻገሩ ስሞች በየመሣሪያው ስንት ፊደል ድረስ እንደሚለዩ በሠንጠረዥ ያሳያል፤ በሃኒዌል 6000 ላይ 6 ፊደል ብቻ ሲሆን፣ ትልቁና ትንሹ ፊደልም አይለይም። የገደቡ ባለቤት ኮምፓይለሩ ሳይሆን፣ ለየብቻ የተተረጎሙትን ፋይሎች የሚያጋጥመው ሊንከር ነበር። እ.ኤ.አ. የ1989 የሲ ደረጃም ከዚህ በላይ ለማስገደድ አልደፈረም፤ ገደቡ ወደ 31 ፊደል ከፍ ያለው በ1999 ነው። `strcpy`፣ `strlen` እና `strcmp` እያንዳንዳቸው 6 ፊደል መሆናቸው ከዚህ ገደብ ጋር የሚስማማ ነው።

ገደቡ ምን ያደርስ እንደነበር በምሳሌ እንመልከት። አንድ ፋይል የደመወዝ ድምርን፣ ሌላው ደግሞ የደመወዝ ግብርን ይይዛል እንበል፦

```c
/* total.c */
int payrolltotal;

/* tax.c */
int payrolltax;
```

እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሲተረጎም ኮምፓይለሩ የሚያማርርበት ነገር የለም። ሊንከሩ ግን ከሁለቱም የሚያየው `payrol` የሚለውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ለአንድ የማስታወሻ ስፍራ ይሰጣቸዋል። ድምሩ 2400 ሆኖ ከቆየ በኋላ በሌላው ፋይል ግብሩ 150 ተብሎ ሲመዘገብ፣ ድምሩም 150 ይሆናል። ምልክቱ ማንም እጁን ሳያስገባበት ዋጋው የሚለወጥ ተለዋዋጭ ነው፤ ምክንያቱም የጽሑፉን መስመሮች በማንበብ አይገኝም፣ ሊንከሩ ያወጣውን የስሞች ዝርዝር ማየት ያሻል። መድኀኒቱ የሚለየውን ቃል ወደ ፊት ማምጣት ነበር፤ `totpay` እና `taxpay` እንደማለት። ዛሬ ይህን ያህል የተቆረጠ ስም የሚያስገድድ መሣሪያ በተራ ሥራ ላይ አይገጥምም። ገደቡ ከተነሣ በኋላ ያለ ጥቅም የቀረው ግን የማሳጠር ልማዱ ነው፤ አናባቢዎቹ የተነቀሉበት ስም ለባለቤቱም ቢሆን ከጥቂት ወራት በኋላ እንቆቅልሽ ነው።

ስሞች ሲረዝሙ ቃላቱን በምን እንለያይ የሚለው ጥያቄ መጣ። ኮቦል አስቀድሞ ስምን እስከ 30 ፊደል በመፍቀድ ቃላቱን በጭረት ያያይዝ ነበር፤ `NET-SALARY` ይላል። ይህ የሚቻለው ኮቦል መቀነስን በቃል ስለሚገልጽ፣ በምልክት ሲገልጽም ከጭረቱ ግራና ቀኝ ባዶ ስፍራ ስለሚጠይቅ ነው። `A-B` ማለት መቀነስ በሆነባቸው ቋንቋዎች ግን ጭረቱ ተይዟል። ሌላ ምልክት ያስፈልግ ነበር።

የታሪኩ ቁልፍ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። አስኪ የተባለው የፊደላት መለያ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1963 ሲወጣ፣ 95ኛው ቁጥር የተሰጠው ወደ ግራ ለሚያመለክት ቀስት ነበር። በ1967 ሲታረም ቀስቱ ተሽሮ ቦታው ለአንደርስኮር፣ ማለትም በመስመር ግርጌ ለሚሰመረው ጭረት ተሰጠ። በቤል ላቦራቶሪ የተወለደው ሲ የተከተለው የታረመውን ነው፤ አንደርስኮሩ ለስም አገልግሎት ነጻ ሆኖ ቆየው። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል የተሠሩት ስሞልቶክና ሜሳ ግን ቀስቱን አልተዉም፤ ለተለዋዋጭ ዋጋ መስጠትን በእርሱ ይጽፉ ነበር። ያው 95ኛ ቁጥር በስም መካከል ሊገባ አልቻለም፤ ቃላቱን በትልቅ ፊደል መለየት ቀረላቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጃቫ ካሜል ኬዝን ሲይዝ፣ የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ ለፋንክሽንና ለተለዋዋጭ ስኔክ ኬዝን መረጠ። በአንድ ቋንቋ ውስጥ የቆየውን ልማድ መከተል ይበቃል፤ የትኛው ይበልጣል በሚለው ላይ የሚጠፋው ጊዜ የሚያስቆጭ ነው።

በፋይል ስም ላይ ግን ምርጫው ዋጋ አለው። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለማይለይ፣ `NetSalary.h` የተባለውን ፋይል `netsalary.h` ብሎ የጠራ ፕሮግራም በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር ፋይሉ አልተገኘም ይባላል። ለፋይል በትንሽ ፊደል የተጻፈ `net_salary.h` ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ይህ ሁሉ ትልቅና ትንሽ ፊደል ያለውን ጽሕፈት የሚመለከት ነው። የእኛ ፊደል ይህ ልዩነት የለውም፤ ስለዚህ በግዕዝ ፊደል ካሜል ኬዝ አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 የአማርኛ ስም ይቀበላል፤ ይሁንና ጥንታዊው ቃል መለያችን፣ ሁለት ነጥቡ፣ በዩኒኮድ ሥርዐተ ነጥብ ስለሆነ በስም ውስጥ አይፈቀድም። የሚቀረው አንደርስኮሩ ነው። ዋናው አደጋ ግን ከሞክሼ ፊደላት ይመጣል፦

```python
ሠራተኛ_ብዛት = 12
ሰራተኛ_ብዛት = 13
print(ሠራተኛ_ብዛት)
```

የሚታተመው 12 ነው። ለአንባቢ አንድ የሆነው ቃል ለመሣሪያው ሁለት ተለዋዋጭ ነው፤ ዩኒኮድም እነዚህን ፊደላት አያዋሕዳቸውም። የስሕተት መልእክትም አይወጣም። ነገሩ ከሊንከሩ የ6 ፊደል ገደብ በተቃራኒው የቆመ ነው፤ በዚያ ሁለቱ ስሞች አንድ ይሆኑ ነበር፣ በዚህ አንዱ ስም ሁለት ይሆናል። በላቲን ፊደል መጻፍም ከዚህ አያድንም፤ አንዱ `kebele` ሲል ሌላው `qebele` ይላል፣ `woreda` እና `wereda` እንደዚሁ።

ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር የዋና ዋናዎቹ ቃላት አጻጻፍ በአንድ ዝርዝር ተወስኖ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ቢቀመጥ ይበጃል። በተጀመረ ሥራ ላይ ደግሞ የተለያዩትን አጻጻፎች እንዲህ ባለ ትእዛዝ መፈለግ ይቻላል፦

```
grep -rn '[ሰሠ]ራተኛ' .
grep -rniE '[kq]ebele|w(o|e)reda' .
```

በውጤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ከታየ፣ ከማረም በፊት እያንዳንዱ ስም ዋጋ የተሰጠው በየትኛው መስመር እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ስሞች በቆይታ የተለያየ ዋጋ ይዘው ሊሆን ይችላልና።