የጃርዲያ እና የክሪፕቶስፖሪዲየም ውሃ ወለድ ወረርሽኞች

ጃርዲያ እና ክሪፕቶስፖሪዲየም በትንሹ አንጀት የሚኖሩ፣ ተቅማጥ የሚያስከትሉ ባለአንድ ኅዋስ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። ከሰው ወይም ከእንስሳት ዓይነ ምድር ጋር ወጥተው ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ይገባሉ። ውሃው በሚገባ ሳይጣራ ወደ ቧንቧ ከተለቀቀ አንድን ከተማ በጥቂት ቀናት ሊያሳምሙ ይችላሉ። ባክቴሪያን በቀላሉ የሚገድለው ክሎሪን ክሪፕቶስፖሪዲየምን በተግባር አይነካውም፤ ጃርዲያንም የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ማጣራት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ አልትራቫዮሌት ጨረር ይመጣል።

ቅርፊቱ

ሁለቱም ተሕዋስያን ከሰውነት ውጭ የሚቆዩት በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍነው ነው። ይህ ቅርጽ በጃርዲያ ሲስት፣ በክሪፕቶስፖሪዲየም ኦኦሲስት ይባላል። የጃርዲያ ሲስት ርዝመቱ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ማይክሮን ነው፤ ግድግዳው ከፕሮቲንና እርስ በርሱ ከተጠላለፈ የስኳር ክር የተሠራ ነው። የክሪፕቶስፖሪዲየም ኦኦሲስት ደግሞ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ብቻ ነው። የእሱ ግድግዳ ብዙ ንብርብር አለው፤ በውስጡ ቅባትና በሰልፈር ድልድይ አጥብቀው የተሳሰሩ ፕሮቲኖች ይገኛሉ።

በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ኑሮውን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። በቀዝቃዛ ውሃ ለወራት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ሰው ሲውጠው ግን የሰውነት ሙቀት፣ የጨጓራ አሲድና የሐሞት ጨው ቅርፊቱን ያስከፍቱታል። ለመታመም ብዙ መዋጥ አያስፈልግም፤ አሥር ያህል ሲስት ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ክሎሪን ለምን አይበቃም

ክሎሪን የሚገድለው የኅዋሱን ሽፋን አልፎ የውስጥ ፕሮቲኖችን በማቃጠል ነው። ውጤቱ የሚለካው በውሃው ውስጥ ያለው የነጻ ክሎሪን መጠን በንክኪው ደቂቃ ተባዝቶ ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን ባለው፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞታል። የጃርዲያ ሲስት 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የክሪፕቶስፖሪዲየም ኦኦሲስት 99.9 በመቶው እስኪሞት ግን 15,300 ደቂቃ፣ ማለትም ከ10 ቀን በላይ ያስፈልጋል።

የቧንቧ ውሃ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ክሎሪን ቢኖረው ይህ ጊዜ ወደ 21 ቀን ይረዝማል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ከማከሚያ ጣቢያ ወጥቶ በሰዓታት ውስጥ ቤት የሚደርስ ውሃ ያን ያህል ጊዜ የለውም። ክሎሪኑን ጨምሮ ጊዜውን ማሳጠርም አይሆንም፤ የሚያስፈልገው መጠን ውሃውን የማይጠጣ ያደርገዋል።

የሚልዋኪ ወረርሽኝ፣ 1993

በታሪክ ትልቁ የተመዘገበው የክሪፕቶስፖሪዲየም ወረርሽኝ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 የደረሰው ነው። ከተማዋ ውሃዋን ከሚሺጋን ሐይቅ ቀድታ በሁለት ጣቢያዎች ታክም ነበር። ሁለቱም ክሎሪን ይጨምሩ፣ ሁለቱም በአሸዋ ያጣሩ ነበር።

በማርች ወር መጨረሻ በደቡቡ ጣቢያ ተጣርቶ የወጣው ውሃ ድፍርስነት ማሻቀብ ጀመረ። ብዙውን ጊዜ ከ0.25 ኤንቲዩ የማያልፈው መለኪያ በማርች 28 እና 30 እስከ 1.7 ኤንቲዩ ደረሰ። ኤንቲዩ በውሃ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ብርሃንን ምን ያህል እንደሚበትኑ የሚያሳይ መለኪያ ነው። የኮሊፎርም ባክቴሪያ ምርመራው ግን ንጹሕ ነበር፤ ባክቴሪያውን ክሎሪኑ ገድሎታልና።

በኤፕሪል መጀመሪያ ከሆስፒታል ሥራና ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ሰዎች በዙ። ላቦራቶሪዎች ክሪፕቶስፖሪዲየምን እንደ ልማድ ስለማይፈልጉት ምክንያቱ ወዲያው አልታወቀም። በኤፕሪል 7 ተሕዋሱ በሕሙማን ሰገራ ውስጥ ተገኘ፤ በዚያው ምሽት ነዋሪዎች ውሃ አፍልተው እንዲጠጡ ታዘዘ። ከሁለት ቀን በኋላ የደቡቡ ጣቢያ ተዘጋ። በኋላ በስልክ በተደረገ የናሙና ጥናት የታመሙት ሰዎች 403,000 ያህል ተገመቱ። ጤናማ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ አገግሟል፤ ከሞቱት አብዛኞቹ ግን የኤድስ ሕሙማን ነበሩ።

ማጣሪያው የተሸነፈበት ምክንያት

የጣቢያ አሸዋ እንደ ወንፊት አይሠራም። በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ከኦኦሲስት በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ኦኦሲስቱን የሚይዘው ከማጣሪያው በፊት የሚደረገው ሥራ ነው። አልም ወይም ሌላ አርጊ ኬሚካል ወደ ውሃው ይጨመራል። በኦኦሲስቱ ገጽ ያለው አሉታዊ ቻርጅ ይመክናል፤ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጉላሉ፤ የከበደው ጓጉል በማዝቀጫው ይቀራል፤ የቀረው አሸዋው ላይ ይጣበቃል።

አርጊው ካነሰ፣ ከበዛ ወይም ከውሃው ጠባይ ጋር ካልተስማማ ኦኦሲስቱ በአሸዋው መካከል ያልፋል። በሚልዋኪ ጣቢያ አርጊው ከወራት በፊት ከአልም ወደ ፖሊአሉሚኒየም ክሎራይድ ተቀይሮ ነበር፤ የሐይቁ ውሃ ጠባይ ሲለዋወጥም መጠኑ በጊዜው አልተስተካከለም። በተጨማሪም ማጣሪያው የታጠበበት ውሃ ተመልሶ ወደ ሕክምናው መጀመሪያ ይገባ ስለነበር፣ የተያዙት ኦኦሲስቶች እንደገና ማጣሪያውን የማለፍ ዕድል አገኙ።

በደንብ የሚሠራ የማርጋት፣ የማዝቀጥና የማጣራት ሰንሰለት ከኦኦሲስቱ 99 በመቶና ከዚያ በላይ ያስወግዳል። መሥራቱ የሚታወቀው በእያንዳንዱ ማጣሪያ መውጫ ላይ ድፍርስነትን ያለማቋረጥ በመለካት ነው። አሜሪካ በ1998 ባወጣችው ደንብ የተጣራው ውሃ ድፍርስነት በወሩ ልኬቶች 95 በመቶ ከ0.3 ኤንቲዩ እንዳይበልጥ አዘዘች። ማጣሪያ ከታጠበ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ደካማ ስለሚሆን የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ከተማ ሳይለቁ መድፋት ይመከራል።

በርገን፣ 2004

የኖርዌይዋ በርገን ከተማ በ2004 መገባደጃ የገጠማት የጃርዲያ ወረርሽኝ የተለየ ነበር። ስቫርተዲኬት ከተባለው ሐይቅ የሚመጣው ውሃ ክሎሪን ይጨመርበት ነበር እንጂ አይጣራም። በሐይቁ አቅራቢያ የሚያፈስ የፍሳሽ መስመር ሲስቶችን ወደ ውሃው እንዳስገባ ይታመናል። በላቦራቶሪ የተረጋገጡት ሕሙማን ከ1,200 በላይ ነበሩ። ከታመሙት ብዙዎች ከዓመታት በኋላም የሆድ ሕመምና ድካም አልለቀቃቸውም። ከተማዋ በኋላ አልትራቫዮሌት ጨመረች።

ጨረርና ኦዞን

አልትራቫዮሌት ጨረር ቅርፊቱን መስበር አያስፈልገውም፤ አልፎ የተሕዋሱን ዲኤንኤ ስለሚጎዳ ተሕዋሱ በአንጀት ውስጥ መራባት ያቅተዋል። በካሬ ሴንቲሜትር 12 ሚሊጁል ያህል ጨረር ከሁለቱም ተሕዋስያን 99.9 በመቶውን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ደፍራሳ ውሃ ግን ጨረሩን ይጋርዳል፤ አንዳንድ ቫይረሶችም ይቋቋሙታል። ስለዚህ ጨረሩ ከማጣሪያ በኋላ ይገባል፤ ክሎሪንም ለቫይረስና ለቧንቧው ጥበቃ አብሮ ይቀራል። ኦዞንም ክሪፕቶስፖሪዲየምን ይገድላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ብዙ መጠን ይጠይቃል። ሚልዋኪ ከወረርሽኙ በኋላ ኦዞን አስገብታ የውሃ መቅጃ ቧንቧዋን ወደ ሐይቁ ውስጥ አርቃለች።

በቤት ውስጥ

ማፍላት ሁለቱንም ይገድላል፤ ኦኦሲስት ከ72 ዲግሪ በላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሞታል። የተለመደው ምክር አንድ ደቂቃ ማንፈቅፈቅ ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላላቸው ቦታዎች ግን ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይመከራል። የቤት ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ቀዳዳው በእርግጥ ከ1 ማይክሮን የማይበልጥ መሆኑን ማየት አለበት፤ የሴራሚክ ማጣሪያም ከተሰነጠቀ ዋጋ የለውም። እንደ ውሃ አጋር ያሉ የክሎሪን መድኃኒቶች ለባክቴሪያ ይጠቅማሉ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየምን ግን አይገድሉም።