አራት ነጥብ፦ ከብራና እስከ ቴሌግራም



የዛሬውን ገለጻዬን በአንድ ምሳሌ ልጀምር። አንዲት ተማሪ ሰበታ ለሚኖሩ አባቷ በቴሌግራም «አባዬ ዛሬ ቡራዩ አክስቴ ጋ አድራለሁ» ብላ ጻፈች እንበል። አባትየው «እሺ።» ሲሉ መለሱ። ልጅቱ «ተቆጡ» ብላ ተረዳች፤ እርሳቸው ግን በትምህርት ቤት እንደተማሩት ዓረፍተ ነገራቸውን መዝጋታቸው ብቻ ነበር። ይህን አለመግባባት ለመረዳት የምልክቱን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል።

በብራና ጽሑፎቻችን ቃል ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ (፡) ሲሆን አራት ነጥብ (።) የሐሳብ መቋጫ ነበር። በኅትመትና በጽሕፈት መኪና ዘመን ሁለት ነጥብ ቀስ በቀስ ቦታውን ለባዶ ክፍተት ለቀቀ፤ አራት ነጥብ ግን ጸና። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በአብዛኛው በግሥ ስለሚያበቃ፣ ምልክቱ ባይኖርም አንባቢው መጨረሻውን ያውቀዋል። በአጫጭር መልእክት ደግሞ መልእክቱ መላኩ ራሱ መቋጫ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ለሰዋስው አስፈላጊነቱ ቀነሰ፤ ለስሜት መግለጫነት ተረፈ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ሌላም ምክንያት ይታከላል። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ያደገ ወጣት በአፋን ኦሮሞ ሲጽፍ የሚዘጋው በአንድ ነጥብ ነው። በስልኩ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ሲመላለስ አራት ነጥብን ፈልጎ መንካት ወይም «::» ብሎ መጻፍ ታስቦ የሚደረግ ድርጊት ይመስለዋል። ታስቦ የተደረገ ደግሞ ትርጉም ይፈለግለታል። «እሺ...» የሚለውም እንዲሁ ነው፦ ለታላላቆች ለስለስ ያለ ማቆያ፣ ለወጣቶች ያልተነገረ ቅሬታ።

በ👍 ላይ ግን ቅሬታው አቅጣጫ ይለውጣል። ቴሌግራም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መልእክትን ነክቶ በምልክት መመለስን ካስጀመረ ወዲህ ለወጣቱ ይህ «አይቻለሁ» ማለት ነው። የአማርኛ ግሥ ግን አንተን፣ አንቺንና እርስዎን ይለያል። 👍 ይህን መለየት አይችልም። «እሺ እትዬ» የሚጠብቁ እናት አክብሮቱ የተቀነሰባቸው ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። በአንጻሩ 😂 ለአንዱ ሳቅ፣ ለሌላው ፌዝ ይሆናል።

በአሜሪካ ቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ በ126 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት በነጥብ የተዘጋ የአንድ ቃል መልስ ቅንነት የጎደለው ተደርጎ እንደሚነበብ አሳይቷል፤ በእጅ በተጻፈ ማስታወሻ ላይ ግን ልዩነቱ አልታየም። ይህ ወሰኑን ይጠቁመናል፦ ክብደቱ ያለው በምልክቱ ሳይሆን በመልእክቱ አጭርነትና በመጻፊያው ላይ ነው። በረጅም መልእክት ውስጥ አራት ነጥብ ማንንም አያስቀይምም።

መለያው ቀላል ነው። የላኪውን ያለፉ መልእክቶች ወደ ላይ እየሳባችሁ ተመልከቱ። ሁልጊዜ በአራት ነጥብ የሚዘጋ ሰው ዛሬም ቢዘጋ ምንም አላለም፤ ዘግቶ የማያውቅ ሰው ድንገት ከዘጋ ግን ልትጠይቁት ይገባል። ያቺ ልጅ ወደ ላይ ብትመለከት አባቷ ለመልካም ልደት ምኞት ጭምር አራት ነጥብ ማድረጋቸውን ታይ ነበር።