የሽግሽግ ካርታ፦ መስመሩ ከሸሚዙ ጋር እንዲታጠፍ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሳለው ባለመስመር ሸሚዝ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ብለው መስመሮቹን ቢቆጥሩ ግን ደረት ላይ 12 የነበሩት ወገብ ላይ 10 ሆነው ይገኛሉ። ቼክ ከሆነማ ይብሳል፤ አራት ማዕዘኖቹ እጥፋቱ ጋ ሲደርሱ ይሟሟሉ።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ የስቴብል ዲፊዩዥን ሞዴሎች ምስሉን የሚሠሩት 8 በ8 ፒክስል የሆነውን እያንዳንዱን ቁራጭ በአራት ቁጥሮች ብቻ ጨምቀው ነው። ሦስት ፒክስል የምትሰፋ ቀጭን መስመር እዚያ ውስጥ ትዋጣለች፤ ምስሉ ተመልሶ ሲዘረጋም የምትወጣው በግምት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ደጋግሞ መጻፍ ብዙም አይረዳም። የሚሻለው ሞዴሉን ልሙጥ ሸሚዝ አሠርቶ መስመሩን ከእውነተኛው ጨርቅ ፎቶ አምጥቶ ማልበስ ነው።

የሽግሽግ ካርታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ ዲስፕሌስመንት ማፕ የሚባለው ይህ ካርታ የላዩ ምስል ፒክስሎች ወዴትና ምን ያህል እንደሚንሸራተቱ የሚናገር ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። በፎቶሾፕ መካከለኛው ግራጫ፣ ማለትም 128፣ ምንም አያንቀሳቅስም፤ ጥቁር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ነጭ ወደ ተቃራኒው ይገፋል።

ቁልቁል የሚወርድ ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ እንውሰድ። የልሙጡን ሸሚዝ ቅጂ ቀለሙን አጥፍተው በትንሹ ያደብዝዙትና በPSD ያስቀምጡት። ካላደበዘዙት የጨርቁ ሸካራነት ራሱ እንደ እጥፋት ይቆጠርና መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ቀጥሎ የጨርቁን ፎቶ ከላይ አድርገው Filter > Distort > Displace ይክፈቱ፤ አግድሙን 10፣ ቁልቁሉን 0 ይስጡት። 100 ሲሰጡት ከፍተኛው ሽግሽግ 128 ፒክስል ስለሆነ፣ 10 ማለት ቢበዛ 13 ፒክስል ገደማ ነው። ለቼክ ሁለቱም ቁጥር ይሰጣቸዋል። መጨረሻ ላይ ሽፋኑን Multiply ሲያደርጉት የሸሚዙ ጥላ ከሥር ይወጣል።

ካርታው ግን የሚያውቀው ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። ክንድ ደረት ላይ የጣለው ጥላ እጥፋት ይመስለዋልና እዚያ ቦታ መስመሩ ያለምክንያት ይጣመማል፤ ያንን ጥላ ካርታው ላይ በግራጫ መሸፈን ነው። የሰውነቱን ክብነትም አያውቅም። መስመሩ ወደ ጎን እየዞረ ሲሄድ መጥበብ አለበት፤ 60 ዲግሪ ከዞረ ስፋቱ ግማሽ ይሆናል። ይህን በWarp መረብ አስቀድሞ መሥራት ይገባል፤ ካርታው ለእጥፋቱ ብቻ ይቆይ።

እጅጌው ለብቻው ተቆርጦ የተሰፋ ነውና የራሱ ሽፋን ይሰጠው፤ መስመሩም የክንዱን አቅጣጫ ይከተል። ትከሻው ስፌት ላይ የደረቱና የእጅጌው መስመር ባይገጥሙ አይጨነቁ፤ ጎበዝ ልብስ ሰፊ የሰፋው ሸሚዝ ላይም እዚያ ጋ ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። የሚያሳስበው ስፌቱን እንደሌለ ቆጥሮ ከደረት እስከ ክንድ ያለማቋረጥ የሚሄድ መስመር ነው።