የተሰነጠቀ የፊት መስታወት፦ መጠገን፣ መቀየር ወይስ ካሳ መጠየቅ?

ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠር በጎንደር ዙሪያ ለሚመላለሱ አሽከርካሪዎች የተለመደ ችግር ነው። ጠጠሩ የሚተወው ምልክት በመጀመሪያ ከሽምብራ ፍሬ ላይበልጥ ይችላል። በደባርቅና በዳባት ደጋ ግን የሌሊቱ ብርድና የቀኑ ፀሐይ መስታወቱን በየዕለቱ ያኮማትሩታል፣ ያሰፉታልም። ትንሿ ጉዳትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ስንጥቅ ልትሆን ትችላለች። ውርጭ ባረፈበት መስታወት ላይ ጠዋት ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ስንጥቁን በቅጽበት ያረዝመዋል።

የፊት መስታወት ሁለት መስታወቶች በመሃላቸው ባለ ስስ ፕላስቲክ ተጣብቀው የሚሠሩት ነው። ጉዳቱ በውጭኛው መስታወት ብቻ ሲወሰን መጠገን የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። የጎን መስታወቶች በአብዛኛው አንድ ወጥ ሆነው በሙቀት የጠነከሩ በመሆናቸው ሲመቱ ይደቅቃሉ፤ ያላቸው አማራጭ መቀየር ብቻ ነው።

በጥገናው ወቅት ባለሙያው ቀዳዳውን ያጸዳል፣ ያደርቃል፣ በውስጡ ያለውን አየር መጥጦ ካወጣ በኋላ ፈሳሽ ሙጫ ያስገባል፤ ሙጫውንም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያጠነክረዋል። አቧራና ውሃ ቀድመው ከገቡ ሙጫው በደንብ አይይዝም። ስለዚህ ባለቤቱ ጉዳቱን እንዳየ በንጹህ ግልጽ ፕላስተር ሊሸፍነውና እስኪጠገን ድረስ መኪናውን ከማጠብ ሊቆጠብ ይገባል። በሱቅ የሚሸጥ ማጣበቂያ መቀባት የባለሙያውን ሥራ ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም።

ጥገናው ወሰን አለው። ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያልበለጠ ስፋት ያለው ነጠላ ምት ብዙውን ጊዜ ይጠገናል። የመስታወቱን ጠርዝ የነካ ስንጥቅ ወይም በውስጠኛው ገጽ ላይ ጥፍር ሲያርፍበት የሚሻክር ጉዳት ግን መቀየርን ይጠይቃል። ከአሽከርካሪው ዓይን ፊት ለፊት ያለ ጉዳት በጠባብ መለኪያ ይታያል፤ ጥገና የደበዘዘ ምልክት ስለሚተው ማታ የሚመጣ መኪና መብራት በዚያ ላይ ይበታተናል። በእንግሊዝ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ከመሪው ፊት ለፊት ባለው 29 ሳንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ10 ሚሊ ሜትር የበለጠ ጉዳት ያለበት መኪና አያልፍም።

መስታወቱ በሙጫ የሚጣበቅ ከሆነ ከተቀየረ በኋላ ሙጫው እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው፤ በብርድ ጊዜ ይዘገያል። በበርካታ አሮጌ የጭነት መኪናዎች ላይ እንደሚታየው በጎማ የሚታሰር ከሆነ ግን ሥራው ቀለል ይላል።

ወጪውን ማን ይሸፍናል? በአዋጅ ቁጥር 799/2005 እያንዳንዱ ባለተሽከርካሪ እንዲገባ የሚገደደው የሶስተኛ ወገን መድን በሌሎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራሱ መስታወት አይከፍልም። ለመስታወቱ የሚከፍለው የራስን ተሽከርካሪ ጉዳት የሚያካትት መድን ነው። እዚህም ላይ በሁከት ወይም በታጣቂዎች ግጭት የተሰበረ መስታወት በመደበኛው ውል ሳይካተት ሊቀር ስለሚችል ተጨማሪ ሽፋን መኖሩን በውሉ ላይ መመልከት ያስፈልጋል።

የካሳ ጥያቄ ባለማቅረብ የሚገኘው የአረቦን ቅናሽ ይነካል ወይ የሚለውም የሚወሰነው በውሉ ነው። መስታወት በተለየ አንቀጽ የተሸፈነ እንደሆነ ቅናሹ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። የተለየ አንቀጽ ከሌለ ግን የመስታወቱ ጥያቄ እንደማንኛውም የጉዳት ጥያቄ ይቆጠራል፤ ጥፋቱ የአሽከርካሪው አለመሆኑም ብዙውን ጊዜ ቅናሹን አያድነውም።

ለምሳሌ ያህል በታሰቡ ቁጥሮች እንመልከተው። የአንድ ገበሬ ፒካፕ ሙሉ አረቦን 40,000 ብር ነው፤ ባለቤቱ 25 በመቶ ቅናሽ ላይ ስለደረሰ 30,000 ብር ይከፍላል። አዲስ መስታወት ከእጅ ዋጋ ጋር 18,000 ብር ጠየቀ። በውሉ መሠረት የመጀመሪያውን 3,000 ብር ባለቤቱ ስለሚችል ከመድን ድርጅቱ የሚያገኘው 15,000 ብር ነው። ጥያቄ በማቅረቡ ግን ቅናሹ ወደ ዜሮ ይወርዳል እንበል፤ ከዚያም በየዓመቱ 10፣ 15፣ 20 እያለ ወደ 25 በመቶ ይመለሳል። በመጀመሪያው ዓመት 10,000፣ በሁለተኛው 6,000፣ በሶስተኛው 4,000፣ በአራተኛው 2,000 ብር ያጣል፤ በድምሩ 22,000 ብር። ካሳውን በመውሰዱ 7,000 ብር ከሰረ ማለት ነው። ያው ምት ገና በትንሽነቱ በ1,500 ብር ተጠግኖ ቢሆን ደግሞ ወጪው ከ3,000 ብሩ በታች ስለሆነ የመድን ድርጅቱን የሚመለከት ነገር አይኖርም ነበር።

ስሌቱ የሚገለበጠው ባለቤቱ ገና ቅናሽ ያላጠራቀመ ሲሆን ወይም መስታወቱ እጅግ ውድ ሲሆን ነው። ከፊት መስታወቱ ጋር የመኪናው አካልም ከተጎዳ እንዲሁ ጥያቄ ማቅረቡ ያዋጣ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ካሳ ለመጠየቅ ያሰበ ባለንብረት ጉዳቱን ፎቶ አንስቶ በውሉ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ማሳወቅ ይኖርበታል። የመድን ድርጅቱ ሳያየውና ሳይስማማ መስታወቱን አስቀይሮ ደረሰኝ ይዞ የሚቀርብ ሰው ክፍያ ሊከለከል ይችላል።