ያልተፈጸሙ ሽያጮች፦ ቴምብር ቀረጥ በእንግሊዝ የቤት ገበያ

እ.ኤ.አ. እስከ ዲሴምበር 2014 መጀመሪያ ድረስ በእንግሊዝ አገር መኖሪያ ቤት በ250,000 ፓውንድ የገዛ ሰው ለመንግሥት 2,500 ፓውንድ ቴምብር ቀረጥ ይከፍል ነበር። የቤቱ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ብቻ ከፍ ካለ ግን ቀረጡ በአንድ ጊዜ ወደ 7,500 ፓውንድ ያሻቅብ ነበር። ከ250,000 በላይ ላለ ቤት የማስከፈያው ልክ ከ1 በመቶ ወደ 3 በመቶ ከፍ ይል ነበር፤ አዲሱ ልክ የሚሰላው ደግሞ ከወሰኑ በላይ ባለችው አንድ ፓውንድ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ዋጋ ላይ ነበር።

ይህ የሕግ አወጣጥ ጉድለት ለቤት ገዢዎች መከራ፣ ለኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ግን ያልተጠበቀ ዕድል ሆነ። የንብረት ዝውውር ግብር የሚያደርሰውን ጉዳት መለካት አስቸጋሪ ነው። የተሸጠ ቤት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በግብሩ ምክንያት ሳይሸጥ የቀረ ቤት ግን የትም አይመዘገብም። ቤተሰቡ እዚያው መኖሩን ይቀጥላል፤ መንግሥትም ከእርሱ የሚያገኘው ቀረጥ አይኖርም፤ ጎረቤትም ልብ አይለውም። የ250,000 ፓውንዱ ወሰን ያልታየውን እንዲታይ አደረገ። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በመልክም በጥራትም እምብዛም የማይለያዩ ቤቶችን ሁለት የተለያየ ቀረጥ አስከፍሎ ጎን ለጎን አቆማቸው።

ማይክል ቤስትና ሄንሪክ ክሌቨን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን የብሪታኒያን የገቢዎች መሥሪያ ቤት የሽያጭ መዝገቦች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳተሙ። ሽያጮቹ በዋጋ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ልክ 250,000 ፓውንድ ላይና ጥቂት ዝቅ ብሎ የሽያጭ ክምር ይታያል፤ ከዚያ በላይ ባሉት ዋጋዎች ግን ገበያው ባዶ እስኪመስል ድረስ ይሳሳል። በ253,000 ወይም በ255,000 ሊሸጥ የሚችል ቤት በተፈጥሮ ከገበያ አይጠፋም። ሻጩ ዋጋውን ወደ ወሰኑ አውርዶ ተዋውሏል፣ አለዚያም ጭራሽ አልሸጠም።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ ማንሳት ተገቢ ነው። ክምሩ የማጭበርበር ውጤት ሊሆን አይችልም? ምንጣፍ፣ መጋረጃና የቤት ዕቃ ቀረጥ አይነካቸውም። ስለዚህ ሻጭና ገዢ ተስማምተው ቤቱን በ250,000፣ ዕቃውን ደግሞ በተጋነነ ዋጋ ለየብቻ ሊዋዋሉ ይችላሉ። ይህ መንገድ የክምሩን አንድ ክፍል ሊያስረዳ ይችላል፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም። የዕቃው ዋጋ ምክንያታዊ እንዲሆን ሕጉ ስለሚያስገድድ በዚህ በኩል ሊሸሽ የሚችለው ገንዘብ ውስን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዎች ከቤታቸው መልቀቅ አለመልቀቃቸውን በቀጥታ የተከታተለ ሌላ ጥናት አለ፤ በውል ወረቀት ላይ የሚጻፍ ዋጋ ደግሞ የሰውን መኖሪያ አይቀይርም።

ጥናቱ የክርስቲያን ሂልበርና የቴሙ ሊቲካይነን ነው፤ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የተጠቀሙት ያንኑ ቤተሰብ ከዓመት ዓመት እየተመላለሰ የሚጠይቀውን የብሪታኒያ የቤተሰብ ጥናት ነበር። የቤት ባለቤቶች ቤታቸው ቢሸጥ ምን ያህል ያወጣል ብለው እንደሚገምቱ ይጠየቃሉ። ተመራማሪዎቹ ግምታቸው ከ250,000 ትንሽ ዝቅ የሚለውን ትንሽ ከፍ ከሚለው ጋር አነጻጸሩ። ከወሰኑ በላይ ያሉት በየዓመቱ ቤት የመቀየር ዕድላቸው ቢያንስ በሲሶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የሁለት በመቶ የግብር ልዩነት ብዙ ሰው ቤት ከመቀየር ሊያግድ አይችልም ብለው ለሚያስቡ ይህ ቁጥር ከባድ መልስ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን ማን እንደ ቀረ መመልከቱ የበለጠ ያስተምራል። ሥራ ለውጦ ሩቅ ከተማ የሚሄደው ሰው ቀረጡ አላስቆመውም፤ የሚያገኘው ጥቅም ከቀረጡ ይበልጣልና ከፍሎ ይሄዳል። የቀሩት እዚያው አካባቢ፣ ከኑሯቸው ጋር የሚስማማ ሌላ ቤት ሊገቡ የነበሩ ናቸው። ልጆቻቸው ወጥተው አራት መኝታ ቤት ሰፍቷቸው የቀሩ ባልና ሚስት እንበል። ሁለት መንገድ አልፎ ያለችው አነስተኛ ቤት ትበቃቸዋለች። የነሱን ቤት የሚፈልግ፣ ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ በጠባብ ቤት ተጨናንቆ ይኖራል። ባልና ሚስቱ ቤታቸውን ከ254,000 ፓውንድ በታች አይለቁም፤ ቤተሰቡ ከቀረጥ ጋር ሊያወጣ የሚችለው የመጨረሻው ገንዘብ 260,000 ነው። ቀረጥ ባይኖር 6,000 ፓውንድ የሚያካፍላቸው ስምምነት ነበር። በ254,000 ላይ 3 በመቶ ሲጨመር ግን 7,620 ፓውንድ ይሆንና ገዢው 261,620 ማውጣት ይኖርበታል፤ ሽያጩ ይፈርሳል። መንግሥት አንዲት ፓውንድ አላገኘም፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ግን በማይመቻቸው ቤት ይቀራሉ።

ጉዳቱ በሁለቱ ቤተሰቦች አያበቃም። በእንግሊዝ የቤት ሽያጭ ብዙ ጊዜ በሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ አንዱ የራሱን ሳይሸጥ የሌላውን አይገዛም። ከላይ አንዱ ሲቀር ከሥሩ ሁለትና ሦስት ዝውውር አብሮ ይቀራል።

የግብሩ ዋና ባሕርይ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ይህ ግብር የሚከተለው ሀብትን ሳይሆን እንቅስቃሴን ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ ቤት የኖረ ሰው አንድ ጊዜ ይከፍላል። በዚያው ዘመን ሥራው፣ ትዳሩ ወይም ጤናው አራት ጊዜ ቤት ያስቀየረው ሰው አራት ጊዜ ይከፍላል። ሁለቱ እኩል ሀብት ሊኖራቸው ይችላል፤ እንዲያውም ተዘዋዋሪው ድሃ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ልዩነት በቂ የፍትሕ ምክንያት ማቅረብ አይቻልም።

ቀረጡ ሲነሳስ ሽያጭ በእርግጥ ይጨምራል፣ ወይስ ሰዎች ለነገ ያሰቡትን ዛሬ ያደርጉታል? ለዚህ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ፈተና አቀረበ። የብሪታኒያ መንግሥት ሴፕቴምበር 3 ቀን 2008 ከቀረጥ ነፃ የሚሆነውን ዋጋ ሳይታሰብ ከ125,000 ወደ 175,000 ፓውንድ አነሳው፤ እፎይታው በ2009 መጨረሻ ቀን እንዲያበቃ ተደረገ። ቤስትና ክሌቨን በዚህ መካከል ያሉትን ቤቶች ቀረጡ ካልተነሳላቸው፣ በዋጋ ግን ከሚቀራረቧቸው ቤቶች ጋር አነጻጸሩ። የአንድ በመቶ ቀረጥ መነሳት ሽያጩን በ20 በመቶ ገደማ አሳደገው። ቀረጡ ሲመለስ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ሆኖም ከጭማሪው የተመለሰው ከግማሽ በታች ነበር። ከፊሉ የጊዜ ሽሚያ ነበር ማለት ነው፤ ቀሪው ግን ቀረጡ ባይነሳ በዚያ ዘመን የማይፈጸም ሽያጭ ነበር።

የሽሚያው ክፍል ቀላል እንዳልሆነ የኮሮና ዘመን እፎይታ አሳይቷል። ሰፊው የቀረጥ ቅናሽ ሊያበቃ ሲል፣ በጁን 2021 የቤት ሽያጩ 200,000 ገደማ ደረሰ፤ በጁላይ ከግማሽ በታች ወረደ። ጊዜያዊ እፎይታ ገበያን ያቀጣጥላል፤ የመጨረሻው ሳምንት ግን ለጠበቆችም ለገዢዎችም ጭንቀት ነው።

ሌላው ጥያቄ ቀረጡን በመጨረሻ የሚሸከመው ማነው የሚለው ነው። በሕግ ከፋዩ ገዢው ነው፤ ገበያው ግን ሌላ ያሳያል። በካናዳ የቶሮንቶ ከተማ ከፌብሩዋሪ 2008 ጀምሮ በክፍለ ግዛቱ የዝውውር ግብር ላይ የራሷን ስትጨምር፣ ከወሰኗ ማዶ ያሉት ከተሞች አልጨመሩም። ዳቺስ፣ ዱራንቶንና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶችን ሲያነጻጽሩ 1.1 በመቶ ገደማ የሆነው ግብር ሽያጩን በ15 በመቶ ቀንሶት፣ የቤቶቹም ዋጋ ከግብሩ ጋር በሚቀራረብ መጠን ወርዶ አገኙት። ገንዘቡን ቆጥሮ የሚሰጠው ገዢው ቢሆንም፣ በዋጋ ቅናሽ ሸክሙን የተቀበለው ሻጩ ነበር።

ይህ ሁሉ እየታወቀ መንግሥታት ቀረጡን የማይተዉት በምክንያት ነው። መሰብሰቡ ቀላል ነው፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ገዢውም በዚያች ቀን ብዙ ገንዘብ አዘጋጅቶ ስለሚመጣ መክፈል አያቅተውም። ይሁን እንጂ ገቢው አያስተማምንም። በብሪታኒያ በ2007/08 የበጀት ዓመት 10 ቢሊዮን ፓውንድ የተጠጋው የቤትና የመሬት ቀረጥ በማግሥቱ ዓመት ከ5 ቢሊዮን በታች ወርዷል። መንግሥት ገንዘብ አጥብቆ በሚሻበት ዓመት ምንጩ ይደርቃል።

እንግሊዝ ዲሴምበር 4 ቀን 2014 ዝላዩን አስቀረች። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ልክ የሚሰላው በራሱ እርከን ውስጥ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። በፊት 7,800 ፓውንድ ይጠየቅበት የነበረው የ260,000 ፓውንድ ቤት በአዲሱ ስሌት 3,000 ሆነ። ገበያውን ያዛባው ገደል ተደለደለ፤ እንቅስቃሴን መቅጣቱ ግን ቀጠለ፤ በውድ ቤቶች ላይም ከበደ።

ሥር ነቀሉን መንገድ የመረጠችው የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንቤራ ያለችበት ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ቴምብር ቀረጡን በሃያ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ አጥፍቶ፣ ገቢውን ባለቤቱ ሸጠ አልሸጠ በየዓመቱ በሚከፈል የንብረት ግብር የመተካት ዕቅድ ጀመረች። ሃያ ዓመት የተመደበው ያለ ምክንያት አይደለም። ትናንት ሙሉ ቀረጥ ከፍሎ የገዛን ሰው ዛሬ ሙሉ ዓመታዊ ግብር መጠየቅ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነውና፣ ሽግግሩ ይህን በደል ለማለዘብ ታስቦ ነው። ችግሩም ይታወቃል፤ በቤት ሀብታም፣ በጥሬ ገንዘብ ግን ድሃ የሆነ ጡረተኛ ዓመታዊው ግብር ሲያድግ ይከብደዋል። ክፍያው ቤቱ እስኪሸጥ እንዲቆይለት ካልተፈቀደ ሕጉ ያንገላታዋል።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 የንብረት ባለቤትነት በሚተላለፍባቸው ሰነዶች ላይ 2 በመቶ ጥሎ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. በየዓመቱ የሚከፈል የንብረት ግብር አዋጅ አጽድቋል። የካንቤራ ዕቅድ አንደኛው ግብር ሲገባ ሌላኛው እንዲወጣ ያስባል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ግን ባለቤቱ ሲኖርም ሲለቅም ይከፍላል። የክልልና የከተማ አስተዳደሮች የንብረት ግብርን ልክ ሲወስኑ የዝውውሩን ክፍያም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ አዲሱ ገቢ ሲያድግም ስም ለማዛወር የሚጠየቀውን ይቀንሱ።