ከቢጫው ወረቀት እስከ ሰዓት ሰሌዳው፦ የምርት መዝገብ ለማን ይጻፋል?



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ሰንጠረዥ ታሪክ ነው። በፋብሪካ የምርት መስመር ላይ የምትሠራ ኦፕሬተር ፈረቃዋን ስትጀምር የሥራ ትዕዛዙ የሚጠይቀው ግብዓት መቅረቡን ታረጋግጣለች፤ ከዚያም በየሰዓቱ የተመረተውን ብዛት ትመዘግባለች። ይህን መዝገብ ቀድሞ ማን ይጽፈው፣ ማንስ ያነበው እንደነበር መጠየቅ ይገባናል።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው የሳይንሳዊ አስተዳደር መጽሐፉ በቤትልሄም የብረት ኩባንያ የነበረውን አሠራር ይገልጻል። በግቢው ውስጥ ማዕድንና ከሰል በአካፋ የሚዝቅ ሠራተኛ በየማለዳው ሁለት ወረቀት ይቀበል ነበር። አንደኛው ከመሣሪያ ክፍል ምን እንደሚወስድና ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ይነግረዋል፤ ሁለተኛው የትናንት ሥራውን ውጤት ያሳየዋል። ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ ስደተኞች ስለነበሩ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ቀለሙ ነበር፦ ቢጫ ወረቀት የደረሰው ሰው የተመደበለትን ሥራ እንዳላሟላ ወዲያውኑ ይረዳ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። መዝገቡን የሚጽፈው የቢሮ ጸሐፊ እንጂ ሠራተኛው አልነበረም። የተጻፈውም የሚደርሰው በማግስቱ፣ ችግሩ ካለፈ በኋላ ነው። ቢጫው ወረቀት ማን እንዳጎደለ ይናገራል፤ ለምን እንደጎደለ ግን የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን፣ በተለይም በቶዮታ የዳበረው የምርት ሥርዓት ይህን ግንኙነት ለወጠው። የዕቃው ስምና ብዛት በሣጥኑ ላይ በተያያዘ ካርድ ይጻፍ ጀመር። የየሰዓቱ ምርትም ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ፣ በመስመሩ አጠገብ ሰፈረ። ሰሌዳው ዕቅድ፣ ክንውን፣ ልዩነትና ምክንያት የሚሉ ዓምዶች አሉት። ታሪካዊው ለውጥ ያለው በመጨረሻው ዓምድ ላይ ነው። ወደ አገራችንም ይህ አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ድጋፍ በተጀመረው የካይዘን የሙከራ ፕሮጀክት፣ ቀጥሎም በ2011 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት አማካይነት ገብቷል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ የሸሚዝ መስፊያ መስመር በምሳሌነት እንውሰድ። የዕለቱ የሥራ ትዕዛዝ 400 ሸሚዝ ነው፤ በ8 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 50 ይሆናል። በፈረቃው መጨረሻ የተመረተው 352 ነው። የዕለቱን ድምር ብቻ የሚያይ ኃላፊ 48 እንደጎደለ ያውቃል፤ ሠራተኞቹ ዘግይተው ወይም ቸልተኛ ሆነው ሊመስለውም ይችላል። ሰሌዳው ግን በየሰዓቱ እንዲህ ይላል፦ 50፣ 49፣ 51፣ 24፣ 30፣ 49፣ 50፣ 49። ከጎደለው 48 ውስጥ 46ቱ በአራተኛውና በአምስተኛው ሰዓት የጠፋ ነው። መስመሩ በስድስቱ ሰዓታት ዕቅዱን ከሞላ ጎደል ፈጽሟል።

በምክንያት ዓምዱ «ኮሌታ አለቀ» ተብሎ ተጽፏል። የትዕዛዙ ወረቀት 400 ኮሌታ ከመቁረጫ ክፍል ወጣ ይላል፤ በእርግጥ የመጣው 180 ነበር። ከዚህ ውስጥ 174ቱ በአራተኛው ሰዓት ማብቂያ ተጠናቀው ወጥተዋል፤ የቀሩት 6 በማሽኖቹ መካከል ቆመዋል። ቀሪው ኮሌታ የደረሰው አምስተኛው ሰዓት ከተጀመረ በኋላ ነው። እንግዲህ የአራተኛው ሰዓት ጉድለት ጠዋት በርክክቡ ላይ ተወልዷል። ማረጋገጥ ማለት በወረቀቱ ላይ መፈረም ሳይሆን የሞዴል ቁጥሩን፣ ቀለሙንና ልኩን ከጥቅሉ ጋር ማመሳከር፣ ጥቅሎቹንም መቁጠር ነው። ቀለምን በሚመለከት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ጨርቅ ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ ኮሌታው ከደረቱ ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

ሰሌዳውም ቢሆን ሊዋሽ ይችላል። ኦፕሬተሯ 24 ስትጽፍ የሚመጣው ሱፐርቫይዘር ኮሌታውን ከመፈለግ ይልቅ እርሷን የሚቆጣ ከሆነ፣ በማግስቱ 50 ትጽፋለች። ይህን ለማወቅ አያስቸግርም፦ ቁጥሮቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ፣ የምክንያት ዓምዱ ባዶ ይቀራል፣ የሰሌዳው ድምርም ከጥራት ፍተሻ አልፎ ከታሸገው ብዛት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ መቆጠር ያለበት ከመስመሩ ጫፍ ፍተሻ ያለፈው ምርት ነው፤ የሚጻፈውም ሰዓቱ እንዳለቀ እንጂ በፈረቃው መጨረሻ ከትዝታ አይደለም።

ሰሌዳው የጃፓን ቅርጽ ይዞ ሳለ የቤትልሄም ቢጫ ወረቀት ሆኖ ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። የሁለቱ ልዩነት 24 ከተጻፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ይኸውም ኃላፊው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መቁረጫ ክፍሉ ነው ወይስ ወደ ኦፕሬተሯ በሚለው ነው።