ከ«ነው» ወደ «ሴር» እና «ኤስታር»፦ የአማርኛ ተናጋሪ የስፓኒሽ ተማሪ ስህተቶችና የእርማታቸው ማብራሪያ

አማርኛ «ነው» በሚልበት ቦታ ስፓኒሽ ሁለት ግሶች አሉት፤ «ሴር» እና «ኤስታር»። ተማሪ አንዱን በሌላው ቦታ ሲጽፍ መምህሩ ብዙውን ጊዜ ቃሉን ሰርዞ ትክክለኛውን ከላይ ያሰፍራል። ምክንያቱን ሲጠየቅም «ሴር ለቋሚ፣ ኤስታር ለጊዜያዊ ነገር ነው» ብሎ ያልፋል። ደንቡ ለመያዝ ቀላል ነው፤ ችግሩ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር በላይ አለመዝለቁ ነው። ማድሪድ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፤ ሆኖም «ማድሪድ ኤስታ ኤን ኤስፓኛ» (ማድሪድ ስፔን ውስጥ ናት) የሚባለው በ«ኤስታር» ነው። ከሞት የበለጠ ቋሚ ነገር የለም፤ «ሞቷል» ግን «ኤስታ ሙዌርቶ» ነው። በአንጻሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ለመናገር «ሶን ላስ ትሬስ» በ«ሴር» ይባላል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግን እውነት መሆኑ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ እርማቱ ግልጽ የሚሆነው በጊዜ ርዝመት ሳይሆን ሦስት ጥያቄዎችን ሲመልስ ነው፦ ከግሱ ቀጥሎ የመጣው ምንድን ነው? ተማሪዋ ልትል የፈለገችው ምን ነበር? የጻፈችውስ ምን አለ? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ችላ ይባላል። አንዳንዱ ስህተት ስፓኒሽ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፤ ሌላው ግን ፍጹም ትክክል የሆነ፣ ነገር ግን ሌላ ነገር የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ማብራሪያ አይበቃቸውም።

አማርኛው የት ያሳስታል፣ የት ይረዳል

አማርኛም «ነው» እና «አለ» የሚባሉ ሁለት መንገዶች አሉት። ማንነትን ስንናገር «ሐኪም ነው» እንላለን፤ ቦታን ስንናገር ግን በሁለቱም እንጠቀማለን፦ «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው»፣ «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ አለ»። ወደ ኃላፊ ጊዜ ስንሄድ ልዩነቱ ጨርሶ ይጠፋል። «ሐኪም ነበር»ም «ቤት ነበር»ም በአንድ «ነበር» ይጠቃለላሉ። ስለዚህ ተማሪዋ «ነው»ን ከ«ሴር» ጋር ካቆራኘች ቦታን ስትገልጽ፣ «ነበር»ን ከተረጎመች ደግሞ በኃላፊው ጊዜ ሁሉ መሰናክል ይገጥማታል።

ሆኖም አማርኛ ከ«ነው» ይልቅ የተሻለ መሪ አለው። «ሞቷል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ተዘግቷል»፣ «ቀዝቅዟል» የሚሉትን ቃላት ስንፈታ «ሞቶ» እና «አለ» ተዋሕደው እናገኛለን። ነገሩ የሆነ ለውጥ አልፎበት አሁን በዚያው ሁኔታ ላይ አለ ማለት ነው። ስፓኒሽ በዚህ ቦታ የሚያስገባው «ኤስታር»ን ነው፦ «ኤስታ ሙዌርቶ»፣ «ኤስታ ሴንታዶ»፣ «ኤስታ ሴራዶ»፣ «ኤስታ ፍሪዮ»። መገጣጠሙ እንግዳ አይደለም። «ኤስታር» የመጣው በላቲን «ስታሬ» ከተባለው፣ መቆም የሚል ትርጉም ካለው ግስ ነው። «ሴር» ደግሞ በላቲን መሆን ማለት ከሆነው «ኤሴ» አብዛኛውን ቅርጹን፣ መቀመጥ ማለት ከሆነው «ሴዴሬ» ጥቂቱን ወርሷል። እንግዲህ «ኤስታር» ሥሩ ላይ በአንድ ቦታ ወይም ሁኔታ ላይ ቆሞ መገኘትን ያመለክታል፤ የአማርኛው «አለ»ም በ«ሞቷል» ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው።

አንድ አንቀጽ ከነእርማቱ

ለማሳያ የሚከተለውን አጭር አንቀጽ አዘጋጅቻለሁ። ተማሪዋ በልቧ ያሰበችው እንዲህ ነው፦ «ኢትዮጵያዊት ነኝ። ቤቴ መሃል ከተማ ነው። አያቴ ሞተዋል። ዛሬ ኮንሰርቱ ቴአትር ቤቱ ነው፤ እኔ ግን ሰልችቶኛል። ሾርባው ቀዝቅዟል።» የጻፈችው ደግሞ ይህ ነው፦

«ሶይ ኤቲዮፔ። ሚ ካሳ ኤስ ኤን ኤል ሴንትሮ። ሚ አቡዌሎ ኤስ ሙዌርቶ። ኦይ ኤል ኮንሲዬርቶ ኤስታ ኤን ኤል ቴአትሮ፣ ፔሮ ሶይ አቡሪዳ። ላ ሶፓ ኤስ ፍሪያ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልክ ነው። ከግሱ ቀጥሎ ዜግነት መጥቷል፤ ማን መሆንን የሚናገር ሁሉ በ«ሴር» ነው። ትክክል የሆነበትንም ምክንያት መጻፍ ይጠቅማል፤ ቀጥሎ ያሉት እርማቶች መነሻ ያገኛሉና።

ሁለተኛው «ኤስታ ኤን ኤል ሴንትሮ» መሆን ነበረበት። ከግሱ ቀጥሎ የመጣው ቦታ ነው፤ ባለቤቱም ቤት፣ ማለትም የሚዳሰስ ነገር ነው። ነገር የሚገኝበት ቦታ ሲነገር፣ ነገሩ ተንቀሳቃሽ ቢሆንም ባይሆንም፣ ግሱ «ኤስታር» ነው። በደብተሩ ጠርዝ «እዚህ ‹ነው›ን ‹ይገኛል› በሚለው ተኪው፤ ከተካልሽ ኤስታር ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

አራተኛው የዚህ ተቃራኒ ስለሚመስል አብሮ መታየት አለበት። «ኮንሰርቱ ቴአትር ቤቱ ነው» የሚለውም ቦታ ይናገራል፤ ትክክለኛው ግን «ኤል ኮንሲዬርቶ ኤስ ኤን ኤል ቴአትሮ» ነው። ልዩነቱ በባለቤቱ ላይ ነው። ኮንሰርት ነገር ሳይሆን ክንውን ነው፤ የክንውን ቦታ በ«ሴር» ይነገራል። እዚህ መፈተኛው «ይካሄዳል» የሚለው ቃል ነው። «ኮንሰርቱ ቴአትር ቤቱ ውስጥ ይካሄዳል» ያስኬዳል፤ «ቤቴ መሃል ከተማ ይካሄዳል» ግን ያስቃል። ይህንኑ ልዩነት በሌላ ጥንድ ማሳየትም ይቻላል። «ላ ክላሴ ኤስ ኤን ኤል ሴጉንዶ ፒሶ» ትምህርቱ ሁለተኛ ፎቅ ይካሄዳል ማለት ነው፤ «ኤል አውላ ኤስታ ኤን ኤል ሴጉንዶ ፒሶ» ደግሞ የመማሪያ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ይገኛል። ተማሪዋ የመጀመሪያውን እርማት ብቻ ካገኘች «ቦታ ሲሆን ሁሌም ኤስታር» ብላ ትደመድማለች፤ የአራተኛው ዓረፍተ ነገር ስህተትም ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከእንዲህ ያለው ከልክ ያለፈ ደንብ ነው።

ሦስተኛው ስለ አያቷ ነው። ተማሪዋ «ሙት» የሚል ቅጽል አይታ «ሴር»ን አስገብታለች፤ ሞት ቋሚ ነው የሚለውም ትምህርት ሳያግዛት አልቀረም። መምህሩ ወደ አማርኛዋ ይመልሳት፦ «ያሰብሽው ‹ሞተዋል› ነው። ‹ሞተው አሉ› ማለት ነው፤ ስለዚህ ሚ አቡዌሎ ኤስታ ሙዌርቶ።» ነገሩ ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ ጥያቄው አይደለም፤ ጥያቄው ሁኔታው የተገኘው በለውጥ መሆኑ ነው። በመካከለኛው ዘመን ስፓኒሽ «ኤስ ሙዌርቶ» ሞቷል ለማለት ያገለግል ነበር፤ «ሴር»ም ቦታን ለመናገር ይውል ነበር። «ኤስታር» እነዚህን ስፍራዎች የወሰደው ከዘመናት በኋላ ነው።

አምስተኛው «ሶይ አቡሪዳ» የተለየ አያያዝ ይሻል። ዓረፍተ ነገሩ እንከን የሌለው ስፓኒሽ ነው፤ ትርጉሙ ግን «አሰልቺ ሰው ነኝ» ነው። መምህሩ ቃሉን ዝም ብሎ ከሰረዘው ተማሪዋ ሰዋስው የጣሰች ይመስላታል። የተሻለው ማስታወሻ ሁለቱን ትርጉም ጎን ለጎን ያስቀምጣል፦ «ሶይ አቡሪዳ ብትይ ሰውን የምታሰለቺው አንቺ ነሽ፤ ኤስቶይ አቡሪዳ ብትይ የሰለቸሽ አንቺ ነሽ።» የአማርኛዋ «ሰልችቶኛል» በመጨረሻው «አል» ወደ «ኤስታር» ይጠቁማታል። «ደክሞኛል» እና «አሞኛል»ም በዚሁ መንገድ «ኤስቶይ ካንሳዳ» እና «ኤስቶይ ኤንፌርማ» ይሆናሉ።

የመጨረሻው፣ ስለ ሾርባው የተጻፈው፣ መምህሩ በልቧ ያሰበችውን ስለማያይ ያለ ጽሑፉ ዐውድ ሊታረም አይችልም። ሳህኑ ላይ ያለው ሾርባ ስለቀዘቀዘ የምታማርር ከሆነ «ላ ሶፓ ኤስታ ፍሪያ» ነው። ስለ ጋስፓቾ፣ ማለትም ከቲማቲም ተዘጋጅቶ ሲጀመርም ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚቀርበው የአንዳሉሲያ ሾርባ፣ ከሆነ ግን «ኤስ ፍሪያ» ልክ ነው፤ ቅዝቃዜው የሾርባው ዓይነት ነውና። አማርኛም ይለያቸዋል፦ አንዱ «ቀዝቅዟል»፣ ሌላው «ቀዝቃዛ ሾርባ ነው»። እንዲህ ባለው ቦታ መምህሩ ከማረሙ በፊት «ምን ለማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

የመፈተኛው ወሰን

«-አል»ን እንደ መሪ የያዘች ተማሪ በሁለት ቦታ ትወድቃለች፤ ቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው «ርቦኛል»፣ «ጠምቶኛል»፣ «በርዶኛል» ሲሆኑ ነው። ስፓኒሽ በእነዚህ ቦታ የሚጠቀመው መያዝን በሚያመለክተው «ቴኔር» ነው፦ «ቴንጎ አምብሬ»፣ «ቴንጎ ሴድ»፣ «ቴንጎ ፍሪዮ»። ሁለተኛው ድርጊትን የሚናገሩት ናቸው። «በልቷል» «ኤስታ ኮሚዶ» አይሆንም፤ «አ ኮሚዶ» ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ቃሉ ባለቤቱ አሁን ምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ከነገረን ወደ «ኤስታር» ያመራል፤ ምን እንደሠራ ከነገረን ግን አያመራም።

«አለ»ን ሙሉ በሙሉ «ኤስታር» ማድረግም ሌላ ወጥመድ ነው። «ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አለ» ሲባል መጽሐፉ ለአድማጭ አዲስ ነው፤ ስፓኒሽ «አይ ኡን ሊብሮ» ብሎ ከ«አቤር» ግስ የመጣውን «አይ» ይጠቀማል። «መጽሐፉ አለ» ስንል ግን የሚታወቀውን ነውና «ኤል ሊብሮ ኤስታ» ይባላል። የአማርኛው «ኡ» እዚህ ምልክት ሆኖ ያገለግላል።

በመጨረሻም ተናጋሪዎች ራሳቸው የሚለያዩበት ቦታ አለ። «አግብቷል» ለማለት «ኤስታ ካሳዶ» የተለመደ ነው፤ የጋብቻ ሁኔታን እንደ ማንነት መለያ የሚያዩ ብዙ ተናጋሪዎች ግን «ኤስ ካሳዶ» ይላሉ። እንዲህ ያለውን በቀይ መሰረዝ ስህተት ያልሆነን ነገር ስህተት ማድረግ ነው።

የቱን አስቀድሞ ማረም

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቢል ቫንፓተን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ተማሪዎቹ ለረጅም ጊዜ «ሴር»ን በሁሉም ቦታ ካስገቡ በኋላ «ኤስታር»ን መጀመሪያ በቀጣይ ድርጊት፣ ከዚያ በቦታ፣ በመጨረሻ በሁኔታ ገላጭ ቅጽሎች ላይ እንደሚይዙ አሳይቷል። የአማርኛ ተናጋሪው መነሻ ሌላ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ቅጽሎቹ ኋላ የሚመጡበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። በቦታ ላይ ምርጫው በባለቤቱ ይወሰናል፤ በቅጽል ላይ ግን ሁለቱም ግሶች ትክክል ሊሆኑና ምርጫው በተናጋሪው ሐሳብ ብቻ ሊወሰን ይችላል። ስለዚህ በማሳያው አንቀጽ ላይ የቤቱንና የኮንሰርቱን ዓረፍተ ነገር መምህሩ ራሱ ማረም ይችላል። የሾርባውን ግን ተማሪዋ በአማርኛ ያሰበችውን እስክትነግረው ድረስ ጥያቄ ምልክት አድርጎ ይተወው።